ቀይዋ የባትሪ መብራት አልጠፋ ስትል፦ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት

የመኪና ቁልፍ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ ምልክቶች አብረው ይበራሉ። ከነሱ አንዷ ቀይ ናት፤ የባትሪ ቅርጽ አላት፤ ውስጧም የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለባት። ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። ሞተሩ ተነስቶም እንደበራች ከቀረች ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ይገጠማል። መኪናዋም ቶሎ ትነሳለች። መብራቷ ግን እዚያው ናት። ጥቂት ቀን ቆይቶ አዲሱም ባትሪ ባዶ ይሆናል።

መብራቷ ላይ የባትሪ ሥዕል ይኑር እንጂ የምትናገረው ስለ ባትሪው አይደለም። «ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ እየሞላ አይደለም» ነው የምትለው። ያ ዕቃ አልተርኔተር ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ዲናሞ ሲሉት ይሰማል። እኔም ከዚህ በኋላ ዲናሞ እለዋለሁ።

ነገሩ ከተማ መሀል ካለው ይልቅ ዳር ዳር ያለነውን ያስቸግረናል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ቱሉ ዲምቱ ለሚኖር ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ማታ የመንገድ መብራት የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። አቧራውና ጭቃው ራሱ ዲናሞ ይበላል። መንገድ ዳር ጥሩ ኤሌክትሪሺያን አይጠፋም፤ ግን ምን መለካት እንዳለበት የሚያውቅ ባለመኪና ያለ ነገሩ ዕቃ አያስቀይርም።

ዲናሞው ምን ይሠራል?

የውኃ ፈረቃ ያለበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ባትሪው ሮቶ ነው፤ ዲናሞው ደግሞ የመስመር ውኃ። መስመሩ ሲመጣ ቤቱ ከመስመሩ ይጠቀማል፤ ሮቶውም ይሞላል። መስመሩ ሲጠፋ ቧንቧው ወዲያው አይደርቅም። ከሮቶው እየወረደ ይቀጥላል። ቀይዋ መብራት የምትነግረን መስመሩ መጥፋቱን ነው። ሮቶ መቀየር ደግሞ መስመር አያመጣም።

ዲናሞው የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ነው። ሞተሩ ጎን ላይ ያለው ቺንጋ፣ ቤልት የምንለው፣ ያዞረዋል። ውስጡ የሚሽከረከር ማግኔት አለ። ይህ ማግኔት ግን የተፈጥሮ ማግኔት አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲገባበት ብቻ ማግኔት የሚሆን የሽቦ ጥቅል ነው። የሚሽከረከር ነገር ላይ ደግሞ ሽቦ በቀጥታ ማሰር አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በስፕሪንግ ተገፍተው ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ላይ እየተሻሹ ኤሌክትሪኩን ያስገባሉ። እነዚህን ካርቦኖች ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ማግኔቱ ሲሽከረከር በዙሪያው ያለው ሌላ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ስለሆነ ባትሪ አይሞላም። ዳዮድ የሚባሉት ዕቃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፈው ያስተካክሉታል። ከዚያ ከዲናሞው ጀርባ ባለው ወፍራም ብሎን በኩል ወጥቶ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ብሎኑ አጠገብ ብዙ ጊዜ «ቢ» የሚል ፊደል ይኖራል።

ሬጉሌተር ደግሞ ተቆጣጣሪው ነው። ወደ ማግኔቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ እያበዛና እየቀነሰ ውጤቱን 14 ቮልት አካባቢ ይይዘዋል። ቶዮታን በመሳሰሉ መኪኖች ላይ ቀይዋን መብራት የሚያበራትና የሚያጠፋትም እሱ ነው። ኃይል እየመነጨ መሆኑን ሲያይ ያጠፋታል። ካላየ እንደበራች ይተዋታል።

እንደበራች ስንት ሰዓት ይነዳል?

ይህን ለማወቅ ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ ትንሽ የቤት መኪና ላይ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 45 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። 1 አምፔር ብቻ ቢወሰድበት 45 ሰዓት፣ 10 አምፔር ቢወሰድበት 4 ሰዓት ተኩል ይቆያል ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ።

ሞተሩ እንዳይጠፋ ብቻ የነዳጅ ፓምፑ፣ የማቀጣጠያው ሲስተምና ኮምፒውተሩ በድምሩ 10 አምፔር አካባቢ ይበላሉ። ሁለት የፊት መብራት እያንዳንዱ 55 ዋት ከሆነ ሌላ 9 አምፔር ይጨመራል። የኋላ መብራቱን፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፋኑንና ዝናብ ካለ መጥረጊያውን ስንደምር 25 አምፔር ገደማ እንደርሳለን። 45ን ለ25 ብናካፍል ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው። በተግባር ግን ከዚያም ያንሳል። ባትሪው ሙሉ የሆነበት ቀን ጥቂት ነው። ሙሉ በሙሉ ከማለቁ በፊትም ቮልቱ ይወርድና ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ማታ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቢያስቡ ይሻላል። ቀን ከሆነ፣ መብራትና የመኪናው ውስጥ ቬንትሌተር ከጠፋ፣ የተሻለ ጊዜ ይገኛል።

መብራቷ መንገድ ላይ ከበራች ሬዲዮውን፣ ኤሲውንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ያጥፉ። ሞተሩን ግን አያጥፉ። እንደገና ለማስነሳት ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ የቀረውን ሊጨርሰው ይችላል። ጨለማ መንገድ ላይ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የፊት መብራት ማጥፋት ግን ዕብደት ነው። ከዚያ ጥግ ይዞ መቆም ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በብዙ መኪኖች ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የውኃ ፓምፑንም ያዞራል። መብራቷ ድንገት በርታ መሪው ከከበደ ወይም የሙቀት መለኪያው መውጣት ከጀመረ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ወዲያው ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ሞተሩ ሙቀት ይዞት ይቃጠላል።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መንቀል ያሳውቃል ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ሙከራ ያላየ ሰው የለም። ሞተሩን ያስነሱና የባትሪውን ገመድ ይነቅሉታል። ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ጤነኛ ነው» ይባላል፤ ከጠፋ «ሞቷል»። ኮምፒውተር ባልነበራቸው በድሮዎቹ መኪኖች ላይ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ያለፈ ልማድ ነው። ዛሬ ግን አይሞከርም።

ባትሪው ከማጠራቀም ሌላ የቮልቱን ዝላይ የሚያበርድ ሥራ አለው። ዲናሞው ብዙ ኃይል እየሰጠ ሳለ ባትሪው በድንገት ከተነቀለ ሬጉሌተሩ ወዲያው ሊያወርደው አይችልም። ለአጭር ቅጽበት ቮልቱ ወደ ላይ ይተኮሳል። መከላከያ በሌለው ባለ 12 ቮልት ሲስተም ላይ ከ80 እስከ 100 ቮልት ሊደርስ ይችላል። ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ባስ ሲልም የሞተሩን ኮምፒውተር ይዞ ይሄዳል። ጤነኛ ዲናሞ የገደለ ምርመራ ምርመራ አይባልም። ባለሙያው እጁን ወደ ገመዱ ከሰደደ «ቆይ፣ በቴስተር እንለካው» ማለት ነውር የለውም።

ታዲያ ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ከዓይንና ከጣት። ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን ይዩት። አለ ወይ? ተሰነጣጥቋል? ውስጠኛው ፊቱ እንደ መስታወት አብረቅርቋል? ዘይት ነክቶታል? ቺንጋው በሚዞርባቸው ሁለት ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ከላላ ይንሸራተታል። ጠዋት ሲነሳ የሚጮህ፣ የፊት መብራት ሲበራም የሚብስ ጩኸት ካለ የቺንጋ ነገር መሆኑን ይጠርጥሩ። አንዳንድ መኪና ላይ ራሱን የሚወጥር መወጠሪያ ስላለ በጣት መለካቱ እዚያ ብዙ አይጠቅምም።

ቀጥሎ የባትሪው ራስ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ወይም ማሰሪያው በእጅ ሲነኩት ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ እሱ ይጸዳና ይጠበቅ።

ከዚያ ቴስተር ይመጣል። ሱቅ የሚሸጠው ርካሹ ዲጂታል ቴስተርም ይበቃል። መምረጫውን የዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርገው ቀዩን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቩ ላይ ያስነኩ። ሦስት ጊዜ ይለካል። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ወደ ባዶ የተጠጋ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ። ሦስተኛው ነዳጅ ትንሽ ተረግጦ፣ ወደ 2000 ዙር አካባቢ፣ የፊት መብራትና ቬንትሌተር በርቶ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቁጥሩ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መሀል ከገባ ዲናሞው እየሞላ ነው። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከነበረው ካልጨመረ፣ ይባስ ብሎ ቀስ እያለ ከወረደ፣ አይሞላም። 15ን ካለፈ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ሬጉሌተሩ መያዝ አቅቶታል፤ ባትሪው ይፈላል፤ የበሰበሰ ዕንቁላል የመሰለ ሽታም ይመጣል። እንዲህም ሲሆን መብራቷ ልትበራ ትችላለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በኮምፒውተር እያዘዙ ዲናሞውን አንዳንዴ ያሳርፉታል። እነሱ ላይ 12.8 ወይም 13 ቢታይና መብራቷ ጠፍታ ከሆነ ችግር ላይሆን ይችላል። እዚህ የማወራው መንገዳችንን ስለሞሉት ከረም ያሉ መኪኖች ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉትን ጠግኖ ማቆየት የግድ ሆኗል።

አይሞላም ከተባለ በኋላስ? አንድ ኮሮላ እንይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው ዲናሞው ይቀየር» ብሎ ይዘጋዋል። ግን ዲናሞው አይሞላም ማለት ዲናሞው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የሚያዝዘው ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ወይም ኃይሉን የሚያወጣው ገመድ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሚለይ ለገጣፎ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናዋ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ኮሮላ ናት፤ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ባለቤቱ ጎልማሳ የሰፈራችን ሰው ናቸው። መብራቷ በርታባቸው አዲስ ባትሪ ገዙ። በሳምንቱ ማታ ከሥራ ሲመለሱ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ፣ መጥረጊያው እየዘገየ ሄዶ መኪናዋ ቀጥ አለች። ሌሊቱን ባትሪው ቻርጅ ተደረገ። ጠዋት ወደ ኤሌክትሪሺያኑ መጡ፤ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ባትሪ ግዛ ያለዎት ማነው?»

«ማንም አላለኝም። መብራቷ ላይ የተሳለው ባትሪ አይደል እንዴ?»

ልጁ ሳቀና ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። «ከመጀመሪያውኑ ሳትጠፋ ነው የቀረችው ወይስ ብልጭ ድርግም ትል ነበር?» ሰውየው አሰቡና ኮብልስቶኑ ላይ ሲነዱ ብልጭ እያለች ትጠፋ እንደነበር፣ ይህም ሳምንታት እንደቆየ ነገሩት። ለእኔ ከቴስተሩ እኩል ዋጋ ያለው ይህ ጥያቄ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ የምትመጣና የምትሄድ መብራት የሆነ ቦታ የላላ ንክኪ አለ ማለት ነው፤ ወይ ገመድ፣ ወይ ሶኬት፣ ወይ ካርቦን።

ቺንጋው ደህና ነበር። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.5 አሳየ። ሞተሩ ሲነሳ 12.2። ነዳጅ ሲረገጥም 12.2። የፊት መብራት ሲበራ 11.9፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ታች። አይሞላም።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ተደረገ። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከባትሪው አንስቶ ዲናሞው ጀርባ ያለው የ«ቢ» ብሎን ላይ አስነካ። ጥቁሩን ዲናሞው አካል ላይ አደረገ። ብሎኑ ላይም ያው 12.2 ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ብሎኑ ላይ 14 ወይም ከዚያ በላይ፣ ባትሪው ላይ ግን 12 ቢሆን ኖሮ ዲናሞው ያመነጫል፤ መንገድ ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ወይም ትልቁ ፊውዝ ተቆርጧል ማለት ነበር። ያን ጊዜ ዲናሞ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። እዚህ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ገመዱ ደህና ነው፤ ዲናሞው ራሱ አላመነጨም።

አላመነጨም ማለት ደግሞ ወይ አልታዘዘም፣ ወይ ታዝዞ አቅቶታል። ሞተሩን አጠፋና ከዲናሞው ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት ቀጭን ገመድ ሶኬት ነቀለ። በዚህ ዓይነት የቶዮታ ዲናሞ ላይ ሦስቱ «አይ ጂ»፣ «ኤስ» እና «ኤል» ይባላሉ። የመጀመሪያው ቁልፍ ሲከፈት ሬጉሌተሩን የሚቀሰቅስ ኃይል ያመጣል። ሁለተኛው ባትሪው ስንት ቮልት ላይ እንዳለ ለሬጉሌተሩ ያሳያል። ሦስተኛው ወደ ቀይዋ መብራት ይሄዳል።

ቁልፉ ተከፍቶ ሶኬቱ ላይ ሲለካ «አይ ጂ» እና «ኤስ» ሁለቱም የባትሪውን ያህል ቮልት ሰጡ። አንዳቸው ባዶ ቢሆኑ ኖሮ መንገዱ ወደ ፊውዝ ሳጥን ይወስድ ነበር። አንዲት ትንሽ ፊውዝ በመቃጠሏ ብቻ ሙሉ ዲናሞ የተቀየረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሶኬቱ ሲነቀል ቀይዋ መብራት ጠፋች። ይህም ጥሩ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም ባትጠፋ ኖሮ የመብራቷ ገመድ የሆነ ቦታ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ተነካክቷል ማለት ነበር። ያኔ ዲናሞው እየሞላም መብራቷ ልትበራ ትችላለች።

እንግዲህ ትእዛዙ እስከ ዲናሞው ደርሷል። ማግኔቱ ጋስ?

ይህን ለማየት ካቻቢቴ ይበቃል። ሶኬቱን መልሶ ሰካ። ቁልፉን ከፈተ፤ ሞተሩን አላስነሳም። የካቻቢቴውን ጫፍ ዲናሞው ጀርባ መሀል ላይ፣ ኩሽኔታው ወዳለበት አስጠጋ። ማግኔቱ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ቢሆን ኖሮ ብረቱን ሳብ ያደርገው ነበር። ምንም አልሳበም። ቁልፉን ዘግቶ እንደገና ከፈተ። አሁንም የለም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ ይህ አይሞከርም፤ ቺንጋው እጅ ይበላል። ካቻቢቴው የ«ቢ» ብሎንንና ሌላ ብረትን በአንድ ጊዜ ከነካም እሳት ይተፋል። ብሎኑ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ነው።

ኃይሉ ሬጉሌተሩ ድረስ ይመጣል፤ ማግኔቱ ጋ ግን አይደርስም። መሀላቸው ያለው ጥቂት ነገር ነው፤ ሬጉሌተሩ ራሱ፣ ሁለቱ ካርቦኖችና ቀለበቶቹ፣ የማግኔቱ ሽቦ። ከዚያ በፊት ኮብልስቶን ላይ ብልጭ ድርግም ማለቷን ስንጨምርበት ጣቱ ወደ ካርቦኖቹ ይጠቁማል። ልጁ አንድ ነገር ጨመረ። ሞተሩን አስነስቶ የመዶሻውን የእንጨት እጀታ ዲናሞው ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገ። ቀይዋ መብራት ለቅጽበት ጠፍታ ተመልሳ በራች። ያለቀ ካርቦን ሲነቀነቅ ቀለበቱን ይነካና እንዲህ ያደርጋል። ይህ ምልክት እንጂ ጥገና አይደለም። በመዶሻ እጀታ ቤቱ የገባ ሰው ሲያጋጥም ግን አይገርመኝም።

ሲከፈት ምን ተገኘ?

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። ምክንያቱን ቅድም ብያለሁ፤ የ«ቢ» ብሎን ሁልጊዜ ኃይል አለው። ዲናሞው ወረደ፤ የኋላ ክዳኑ ተከፈተ፤ የካርቦኖቹ መያዣ ወጣ።

የዚህ ዓይነት ዲናሞ ካርቦን አዲስ ሲሆን ከመያዣው 10.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። 1.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር ይላል የአምራቹ መመሪያ። እዚህ አንዱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ሌላው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ፣ መያዣው ውስጥ በካርቦን ዱቄትና በደረቀ ጭቃ ተጣብቆ ቀርቷል። ስፕሪንጉ ሊገፋው አልቻለም። ባለቤቱ በየሳምንቱ ላቫጆ እየወሰዱ ሞተሩን በግፊት ውኃ ያስጥቡ ነበር። ካርቦን በዕድሜ ማለቁ አይቀርም፤ አቧራ ላይ በግፊት የተረጨ ውኃ ግን ያፋጥነዋል። ሞተር ይታጠብ ካሉ ዲናሞውን በፕላስቲክ ከረጢት ማስሸፈን ቀላል ነገር ነው።

ካርቦን አለቀ ብሎ ወዲያው መግጠም ግን አይበቃም። የማግኔቱ ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ አዲስ ካርቦን ምንም አያመጣም። ቴስተሩ ወደ ኦም ተቀይሮ ሁለቱ ቀለበቶች ላይ ተደረገ። 2.8 ኦም ገደማ አሳየ። ለእንዲህ ዓይነት ዲናሞ ከ2 እስከ 4 ባለው መሀል ከሆነ ሽቦው ደህና ነው። ከዚያ አንዱ ጫፍ ቀለበቱ ላይ፣ ሌላው የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ተደረገ። ምንም መገናኘት የለም፤ መኖርም የለበትም። ቀለበቶቹ ጠቁረው ነበር እንጂ አልተቦረቦሩም። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ተጠረጉ። አዲስ ካርቦን ተበየደ። ዲናሞው ተመልሶ ታሰረ።

ቁልፉ ተከፈተ። ካቻቢቴው ዲናሞው ጀርባ ላይ ተለጠፈ። ሞተሩ ተነሳ፤ መብራቷ ጠፋች፤ ባትሪው ላይ 14.2 ተነበበ።

መቼ ነው ሙሉ ዲናሞ የሚቀየረው?

ካርቦንና ሬጉሌተር ለየብቻቸው የሚገኙ ዕቃዎች ናቸው። የሁለቱ ዋጋ ከሙሉ ዲናሞ ጋር አይወዳደርም። የማግኔቱ ሽቦ ከተበጠሰ፣ ዙሪያውን ያለው ጥቅል ተቃጥሎ ከሸተተ፣ ወይም ቀለበቶቹ በጥልቅ ከተቦረቦሩ ግን ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ኩሽኔታው ብቻ ሲጮህ ኩሽኔታ ይቀየራል።

ዳዮድ ትንሽ ተንኮለኛ ነው። ከዳዮዶቹ አንዱ ሲሞት ዲናሞው ጨርሶ አያቆምም፤ ይዳከማል። መብራቷ ደብዝዛ፣ በማታ ብቻ የምትታይ ሆና ትበራለች። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረው ባትሪው ላይ ሲለኩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዳዮድ ይጠርጠር። ርካሽ ቴስተር አንዳንዱ እዚህ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ጤነኛ መኪና ላይ ለክቶ ማወዳደር ጥሩ ነው።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዲናሞ ለሚገዛ ሰው፦ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው። የሶኬቱ ቅርጽ፣ የፑሊው ጥርስ ብዛት፣ የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀትና ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አምፔር መመሳሰል አለባቸው። አካሉ መስሎ ሶኬቱ የተለየ ዲናሞ ብዙ ነው። ገመድ ቆርጦ እንዲገጥም ማድረግ ይቻላል ቢሉም «ኤስ» እና «ኤል» ከተለዋወጡ ራስ ምታት ነው።

ከጥገና በኋላ ምን ይለካል?

በሚኒሞ 14 ማየት ብቻውን አይበቃም። የኮሮላዋ የፊት መብራት፣ ቬንትሌተርና የኋላ ማሞቂያ በአንድ ላይ ተከፍተው 2000 ዙር አካባቢ ላይ 13.9 አሳየ፤ ያ ጥሩ ነው። ሁሉም እንደተከፈተ ገመዱም ተፈተነ። የቴስተሩ አንድ ጫፍ «ቢ» ብሎን ላይ፣ ሌላው የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ሲሆን 0.1 ቮልት ተነበበ። ይህ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው፤ ከ0.3 ካለፈ ገመዱ ወይም መገናኛው ዝጓል። ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭም እንዲሁ ተለካ፤ እዚህ ከ0.2 ማለፍ የለበትም።

የተጠገነ ዲናሞ ባዶ ባትሪ ላይ መጫን ሌላው ስሕተት ነው። ባዶ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ይጠይቀዋል፤ ዲናሞውም ከመጠን በላይ ይግላል። ኤሌክትሪሺያኑ ባትሪውን ሌሊቱን በቻርጀር ማስሞላቱን ጠይቆ ነበር የጀመረው። ያልሞሉ ከሆነ ሥራውን በዚያ ይጀምሩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ባትሪው አንድ ጊዜ ይለካ። 12.4ም 12.6ም ቢሆን ደህና ነው። ማታ 12.6 የነበረው ጠዋት 12 ከሆነ ሌሊቱን የሚመጥ ነገር አለ። የሻንጣ መብራት ሊሆን ይችላል፤ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል፤ የዲናሞው ዳዮድም ሊሆን ይችላል። ዳዮድ መሆኑን ለመለየት ኔጌቲቩን ይፈቱና የ«ቢ» ብሎንን ገመድ ያውጡ። ጫፉን በቴፕ በደንብ ጠቅልለው ብረት እንዳይነካ ያድርጉት፤ ከዚያ ኔጌቲቩን መልሰው ያሰሩና ያሳድሩት። ጠዋት ባትሪው ካልወረደ የሚመጠው ዲናሞው ነው። አሁንም ከወረደ ዲናሞውን ትተው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ወደ መንቀል ይሂዱ።